ከሐና ጀርባ የቆመው

ፎቶ አንሺው ረድዋን «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ!» ሲል፣ ማንም እንዳይጠጋ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

የልጅ ልጄ ማህሌት በተዳረች ማግስት፣ መልስ ተጠርታ በመጣችበት ቀን ነው። ጥር ቢሆንም የሸዋ ሮቢት ፀሐይ መቼ ወር ታውቃለች፣ ካባው ሙሽሮቹን እንዳያፍናቸው እየሰጋሁ ነበር። ግቢያችን ካለው ማንጎ ፊት ለፊት አግዳሚ ተደርድሮ፣ ሙሽሮቹ መሀል፣ ልጄ ሐና ከሙሽራዋ ቀጥላ፣ እኔ ከሐና ጎን ተቀምጠናል። የቀረው ዘመድ ከኋላችን ቆሟል። ከሐና ጀርባ ግን አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ክፍት ነው።

«እማማ ጌጤ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔን አልሰሙኝም። መሀል ላይ ክፍተት አለ» አለ ረድዋን።

«አይቼዋለሁ። ክፍተቱ ባለቤት አለው።»

ካሜራውን ከዓይኑ አወረደ። ረድዋን የጎረቤቴ የከዲጃ ልጅ ነው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አቤልን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው።

አቤል የሐና የበኩር ልጅ፣ የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ሁለቱም ያደጉት እኔ ቤት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ከቀወት ልጆች ጋር ሆኖ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ሳውዲ እገባለሁ ነው ያለው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ የነፍስ አባታችንን አስመጣሁበት፤ ራሴን ስሞኝ ሄደ። ኅዳር ላይ ከኦቦክ፣ ከባሕሩ ዳር፣ በሰው ስልክ ድምፁን ላከልኝ። «እምዬ፣ ነገ እንሻገራለን። ስልክ መያዝ አይቻልም ብለውናል። ስደርስ እደውላለሁ። እማን አታስለቅሽብኝ፣ አደራ።» ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ሐና ግን ለጠየቃት ሁሉ «ደርሷል፤ ሥራ ይዟል፤ አሠሪዎቹ ስልክ ስለማይፈቅዱለት ነው» ትል ነበር። መጀመሪያ ጠያቂ ለማራቅ የተናገረችው መሰለኝ። እየቆየ ሲሄድ ከእኔ ጋር ብቻዋን ተቀምጣ እንኳ «ዛሬ እኮ እዚያ በዓል ነው፣ ዕረፍት ይሰጡት ይሆን?» ማለት ጀመረች። እኔም ዝም አልኩ። እናት ናት፤ በምን ልቧን ልውጋው? ለማህሌት አማቾች ለካራቆሬዎቹም ይኸው ተነገረ። ሠርጉ ዕለት የሙሽራ ወንድም በር ይዞ ሚዜዎቹን የሚያስለምንበት ሰዓት ሲደርስ፣ ወንድ ልጄ ሙሉቀን የአጎትነቱን በር ያዘ። ያዘ እንጂ ልቡ አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ሳያስለምን ለቀቀላቸው።

እና ረድዋን ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አሰረና «ጋሼ ሙሉቀን፣ ቁመትዎ ከአቤል ጋር ይቀራረባል። እስቲ እዚያ ክፍተት ላይ ይቁሙልኝ» አለው። ቆመ። አነሳ።

«አሁን ይውጡ። ሌላው ሰው እንዳለ ይሁን፣ እንዳትነቃነቁ!» ደግሞ አነሳ።

«ይኸው ነው የእኔ ነገር፤ ተሾምኩ ስል ተሻርኩ» አለ ሙሉቀን፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሐና ብቻ አልሳቀችም። እጇን በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ኋላ ዘርግታ ነበር፤ የሚይዘው ያጣ እጅ።

ረድዋን በኋላ እንደነገረኝ፣ ሙሉቀንን ያቆመው ፀሐይዋ እዚያ ቦታ ላይ ያለን ሰው እንዴት እንደምትመታው፣ ጭንቅላቱ የት ላይ እንደሚደርስ ለማወቅ ነው። በግምት ከተሠራ ሰውዬው ወይ ግዙፍ ይሆናል ወይ ድንክ።

ሙሽሮቹ ካራቆሬ ሲመለሱ እኔና ሐና አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳለው የረድዋን ፎቶ ቤት ሄድን። ሐና ስልኳ ላይ ያለውን የአቤልን ፎቶ አሳየችው፤ ሊሄድ ሰሞን በራችን ላይ ቆሞ፣ አረንጓዴ ዳማ ሸሚዙን ለብሶ፣ እስከ ወገቡ የተነሳው።

«ይኼ በቴሌግራም የተላከ ነው፤ ሲላክ ተጨምቋል። ሳሰፋው ፊቱ ይፈርስብኛል» አለ ረድዋን። «ያነሳው ስልክ ላይ ያለው ዋናው ይምጣልኝ።»

ያነሳችው ማህሌት ናት። ተደወለላት፣ በፋይል አድርጋ ላከችው። ወገቡ ድረስ ብቻ መሆኑ ምንም አይደለም አለ፤ ከእናቱ ጀርባ ስለሚቆም እግር አያስፈልገውም።

መጀመሪያ በስልኩ የሆነ አፕ ሞከረ። ሁለቱን ፎቶ ሰጠው፣ ጥቂት ጠበቅን፣ አንድ ሸጋ ወጣት ከሐና ጀርባ ቆሞ ጥርሱን እያሳየ ብቅ አለ።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?» አልኩ።

«አቤል ነው እኮ፣ እማማ።»

«አቤል ሲስቅ ከንፈሩን ይገጥማል። ይኼ ጉንጩም የሞላ ነው። ማሽንህ ሌላ ቤት ገብቶ የሰው ልጅ ይዞብኝ መጥቷል።»

ረድዋን ራቅ አድርጎ አየውና ሳቀ። «እውነትዎን ነው። ራሱ ነው የፈጠረው። ይቅር፤ በእጄ እቆርጠዋለሁ።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሸሚዙን፣ ጆሮውን፣ የፀጉሩን ዳር እያጎላ ሲቆርጥ ቆየ። እኔ ጆሮው አጠገብ ሲደርስ «ቀስ! ቀስ!» እላለሁ፤ ልጁን የሚላጨው ነው የሚመስለኝ። አንስቶ ከሐና ጀርባ፣ ሙሉቀን ቆሞበት በነበረው ልክ አስቀመጠው። ደግሞ አየሁት፤ ደግሞ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። እጄ ሳላስበው ወደ ግራ ቅንድቤ ሄደ።

«ጠባሳው!» አልኩ። «ረድዋን፣ ጠባሳው ዞሯል።»

በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ በልጅነቱ ከዚያው ማንጎ ላይ ወድቆ ነው። እዚህ በቀኙ ሆኗል።

«ገልብጬው ነው» አለ ረድዋን። «እናንተን ፀሐይ የመታቻችሁ በአንድ በኩል ነው፣ እሱን በሌላው። ፊቱን ሳገላብጠው ብርሃኑ ገጠመልኝ።»

«ብርሃኑ ገጥሞ ልጁ ከተገለበጠ ምን ይረባኛል? መልሰው።»

«ከመለስኩት ብርሃኑ ለብቻው ይሆናል። ላለሳልሰው እችላለሁ፣ ግን ልብ ብሎ ያየ ያውቅበታል።»

«ይወቅበት።»

ሱፍና ከረባትም ላልብሰው ብሎ ነበር፤ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚያደርጉት። ሐና «በራሱ ሸሚዝ ይሁን» አለች። በሐና ትከሻና በማንጎው ግንድ ላይ የአቤልን ስስ ጥላ አሳረፈ። ጥላ ከሌለው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል አለን። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ሐና አዞረ።

«እትዬ ሐና፣ ከሥሩ አንድ መስመር ልጻፍበት? ‹አቤል በዕለቱ አልነበረም፣ በኋላ የገባ ነው› ብዬ። እኔ ጋ እንዲህ አስገባልን ብሎ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሞተ አባቱን፣ የሞተች እናቱን ይዞ ነው። ሰው እንዳይሳሳት።»

የሐና ፊት ተለወጠ። «ምን ለማለት ነው? ልጄ ሥራ ላይ ነው። ዕረፍት ቢሰጡት ኖሮ ይመጣ ነበር። ምንም አይጻፍበት።»

ረድዋን ወደ እኔ አየ። እኔ ቦርሳዬን አየሁ። ሳይጻፍበት ታተመ፤ ትልቁን ሳሎን ሰቀልነው፣ አንዱ ለካራቆሬ አማቾች ተላከ፣ ማህሌትም ፌስቡክ ላይ አወጣችው። ሐና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትወጣም ስትገባም ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። አቧራ የለው፣ ምን የለው!

አንድ ጠዋት ሐና ደጅ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች፣ እኔ ውስጥ ነኝ። የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ አይደለም፣ ተከታትለው ነው። ከዚያ ልቅሶ።

ስወጣ የአቤል አክስት፣ የአባቱ እህት ብዙነሽ ናት። ከአጣዬ ሴቶች አስከትላ መጥታ ነጠላቸውን ሁሉም አዘቅዝቀውታል። «ወንድሜን! የወንድሜን ምትክ! አቤልዬ፣ ባሕር በላህ ወይ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

በእኛ አገር መርዶ በጠዋት ነው የሚመጣ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በር ላይ። ሐናም ይህን ታውቃለች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፣ ማሾው ግቢውን ሞላው፣ እሷም ተከትላው ወደቀች። የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። የሰፈሩ ሰው አጥር ለአጥር መጣ። ከዲጃ ባዶ እግሯን ደረሰች። የዕድራችን ሰዎች እንኳ፣ እግዜር ይስጣቸውና ፈጣኖች ናቸው፣ የድንኳኑን ብረት በጋሪ ጭነው በሩ ላይ ቆሙ። የሠርጉ ድንኳን የተተከለበት ጉድጓድ ገና አልተደፈነም።

እኔ ግን እንባዬ እንቢ አለ። ከማን ሰሙ? ማን ደወለላቸው? ለምን ለእኛ ሳይደወል? ይህ ይመላለስብኛል። ብዙነሽን ትከሻዋን ያዝኳት።

«ብዙነሽ፣ ማን ነው የነገረሽ?»

«እንዴ፣ እትዬ ጌጤ…» ልቅሶዋን ዋጥ አደረገች። «እናንተ አይደላችሁም ወይ?»

«እኛ ምን አልን?»

«ፎቶው! ማህሌት ያወጣችው ፎቶ! እኔ ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ የለም? ባሌን እንዲህ አድርገው አይደለም ወይ የልጄ ሠርግ ላይ ያስገቡልኝ? እዚያው ቦታ፣ ከኋላ፣ ብርሃኑ ለብቻው፣ ልብሱ ለብቻው። ሠርጉ እንዳይበላሽ ደብቀውን ነው፤ አሁን ሊያረዱ ነው፤ ከሰው ከምሰማ ልቅደም ብዬ መጣሁ።»

እውነቷን ነው። ሠርግ የደገሰ ቤት መርዶ ይደብቃል፤ ሁላችንም አድርገነዋል። ብዙነሽ ደግሞ አጣዬ ስትቃጠል ባሏንም ቤቷንም ያጣች ሴት ናት። መርዶ ሲመጣ ቆማ የምትጠብቅበት ጉልበት አልተረፋትም፤ ቀድማ ትወጣለታለች።

ከዲጃ «ያ አላህ!» ብላ አፏን ያዘች። ሐና ከመሬት ቀና አለች። ፊቷ ላይ ማሾ ተጣብቋል።

«አልሞተም?»

«አላውቅም፣ እናቴ» አለች ብዙነሽ።

«ስለዚህ አልሞተም። ሥራ ላይ ነው። ደርሷል።»

«እሰይ! ደወለ?» ብዙነሽ ክፋት አልነበራትም፤ ደስ ብሏት ነው የጠየቀች። «መቼ ደወለ፣ ሐና? ድምፁን ሰማሽው?»

ሐና አልመለሰችም። ያን ሁሉ ጎረቤት፣ የዕድሩን ሰዎች፣ ከዲጃን፣ እኔን አየችን። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አወቀ።

«ድንኳኑን ምን እናድርገው፣ እማማ ጌጤ?» አለ አንዱ የዕድር ሰው፣ በለሆሳስ።

«መልሱት።»

ለቅሶ ደራሽ ምን እንደሚል ያውቃል። ያን ቀን ግን ማንም ምን እንደሚባል አላወቀም። ነፍስ ይማር አይባል፣ እንኳን ደስ አላችሁ አይባል። ነጠላቸውን እያቃኑ አንድ በአንድ ወጡ። ብዙነሽ ብቻ ቀረች፤ ተንበርክካ ማሾውን ከአፈር እየለየች ለቀመች። ስትለቅም ዋለች።

ሐና ተኝታ ሰነበተች። እህል አትቀምስ። የተነሳች ዕለት ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ በነጠላ ጠቀለለችና «ረድዋን ያውጣልኝ» አለች። «ሰው እንደ ሙት የሚያየው ከሆነ ይውጣልኝ።»

ፎቶ ቤቱ ስንደርስ ከዲጃም ለልጇ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ረድዋን ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

«ማውጣቱ ቀላል ነው፣ እትዬ ሐና። ጋሼ ሙሉቀን የቆመበትም አለኝ። ግን ሰው አንዴ አይቶታል።»

«ብናወጣውስ?» አልኩ እኔ። ፍርሃቴን ሁሉ አንድ ላይ አወጣሁት። «ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም። አሁንማ ቁርጡን ሰሙ የሚል ይመጣል። ደግሞ ከአሊዩ አምባ፣ ደግሞ ከካራቆሬ ባጃጅ ሙሉ ሰው ይመጣብናል። እኔ ያን ጩኸት ሁለተኛ አልችለውም። ይጻፍበት። ረድዋን ያኔ እንዳለው ይጻፍበት።»

ማህሌት በስልክ ነበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርገነዋል። «እምዬ፣ ‹በሕይወት አለ› ብላችሁ ጻፉበት፤ ነገሩ ያልቃል።»

«ከየት አውቄው፣ ልጄ?»

«እንዲህ አይባልማ!»

«እኔስ ማለቱን ጠልቼ ነው? ብዬ ሳበቃ ባይሆንስ? በእኔ አፍ?»

«እሺ፣ ‹አላህ ያውቃል› ይባል» አለች ከዲጃ።

«እሱማ መቼ ጠፍቶን፣ ከዲጃ? እሱ የሚያውቀውን ለራሱ እንተውለትና እኛ የምናውቀውን እንጻፍ።»

ረድዋን ጣቶቹን መጻፊያው ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኔ ጀመርኩ፤ የሠርጉን ነገር፣ ከሐና ጀርባ የቆመው በዕለቱ እንዳልነበረ፣ ምስሉ መስከረም ላይ ከተነሳ ፎቶ የገባ መሆኑን። እዚያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሐና ለዚያ ሁሉ ጊዜ ያጠረችው አጥር ነው። እኔ ላፈርሰው አልቻልኩም።

«ከኅዳር ወዲህ ድምፁን አልሰማንም» አለች ሐና።

ረድዋን ቀና አለ።

«ጻፈው። ከኅዳር ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። መርዶም አልመጣልንም። እየጠበቅነው ነው።» በስልኩ ውስጥ ማህሌት ስታለቅስ ይሰማል። «የሚያውቅ ሰው ካለ የሚደውልበት ቁጥርም ይግባበት።»

«የእኔ ቁጥር ይሁን» አልኩ ቶሎ። ሐና ለምን እንደሆነ ገብቷታል። ክፉ ከሆነ መጀመሪያ በእኔ ይለፍ ብዬ ነው።

ረድዋን ጽሑፉን ከፎቶው አጠገብ ብቻ አላወጣውም። ሰው ምስሉን ብቻ ቀድቶ ያስተላልፈዋል፣ ጽሑፉ መንገድ ላይ ይቀራል አለ። ከፎቶው ሥር ነጭ ቦታ ጨምሮ፣ እዚያ ላይ ጽፎ፣ ከምስሉ ጋር አንድ አደረገው፤ ፎቶው ከሄደ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ጽሑፉ የአንድንም ሰው ልብስ አልነካም። ማህሌት የድሮውን አጥፍታ አዲሱን አወጣች። ለካራቆሬ አማቾችም አዲሱ ተላከ። አማቷ ደውላ ሐናን «ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው፣ እናቴ?» ብላት አለቀሱ።

ከዚያ ስልኬ ጠላቴ ሆነ። ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ሳይጮህ ተበላሽቶ ይሆን እያልኩ ሙሉቀንን አስደውላለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ድምፁን አላጠፋውም፤ ቄሱ ሁለት ጊዜ ገላምጠውኛል። የሚደውለው ግን አይዟችሁ ባይ ብቻ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«እማማ ጌጤ ነዎት? ሱሌይማን እባላለሁ። የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ። ከየመን ተመልሼ ገና መግባቴ ነው። ስለ ፎቶው ነው።»

ተቀመጥኩ። አግዳሚው ላይ ይሁን መሬት ላይ አላስታውስም።

«ጠባሳው በግራ ቅንድቡ ላይ ነው አይደል? ከማንጎ ላይ ወድቆ?»

«አዎ።»

«አብረን ነው የተሻገርነው። መጀመሪያ ፎቶውን ሳየው፣ ወላሂ፣ በደስታ ዘለልኩ። ‹ደርሶ ተመልሷል! እህቱን ድሯል!› አልኩ። አልፌው ልሄድ ነበር። ከሥሩ ያለውን ባላነብ ኖሮ አልደውልም ነበር፣ እማማ።»

ሐና ከማንጎው ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታሰጣለች። የአቤል ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበረ፤ እማን አታስለቅሽብኝ፣ አደራ። እሰማና እዘጋዋለሁ አልኩ በልቤ። ሰምቼ፣ አጣፍጬ፣ ቀን መርጬ እነግራታለሁ። ወይም አልነግራትም። ወዲያው ደግሞ ታየኝ፤ አንዴ ካጣፈጥኩት ሌላ አጥር ልሠራላት ነው። ያንን አጥር ያፈረሰችው እሷ ራሷ ናት፣ በገዛ አፏ።

«ቆይ ልጄ» አልኩት። «አትንገረኝ። እናቱ ትስማህ።»

ወስጄ ሰጠኋት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

ልጁ ተናገረ። ባሕሩን በደህና ተሻግረዋል። ከባሕሩ ማዶ በእግር ሲሄዱ ሰነበቱ፤ አቤል እግሩን ድንጋይ ቆርጦት ቁስሉ ከፋ፣ አተኮሰው፣ መራመድ አቃተው። የሚመሩት ሰዎች አይጠብቁም። ተሸክመውት ትንሽ ሄዱ፤ ከዚያ ራሱ አውርዱኝ አላቸው። እንደ እሱ የደከመ ሌላ ልጅ አብሮት ቀረ። ሱሌይማን ከዚያ በኋላ ወደዚያ መንገድ አልተመለሰም፤ ተይዞ ታስሮ ነው የተላከው። «ትተነው ሄድን፣ እማማ። ትተነው ሄድን።»

ሐና አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጠየቀችው።

«የቀረበት ቦታ ጥላ ነበረው?»

«ነበረው። ግራር ነው። ትልቅ ግራር።»

«ውኃስ?»

«ትንሽ። የያዝነውን ትንሽ ተውንለት።»

«እግዜር ይስጥህ» አለችው። «አንተ እንኳን ለእናትህ በቃህ።» ስልኩን መለሰችልኝና የቀረውን ልብስ አሰጣች። የመጨረሻውን ነጠላ ገመዱ ላይ ዘረጋች። ማንጎውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። እስክትጨርስ አለቀሰች። አደራውን በላሁ፤ እናቱን አስለቀስኩበት።

ለዕድር አልነገርንም። መርዶ አይደለማ። ለብዙነሽ ግን ደወልኩላት፤ መጣች፣ ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ፣ ማሾ ይዛ።

በማግስቱ ሐና ፎቶውን ይዛ ወደ ረድዋን ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ረድዋን ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ «ከኅዳር ወዲህ ድምፁን አልሰማንም» ከሚለው ቀጥሎ የምትለውን ጻፈ። «ባሕሩን ተሻግሮ፣ እግሩን ታሞ፣ በግራር ጥላ ሥር ቀርቷል። የነገረን አብሮት የነበረ ሰው ነው።»

ከዚያ እጁን መጻፊያው ላይ እንዳደረገ ቆመ። መጨረሻ ላይ ያለውን፣ «እየጠበቅነው ነው» የሚለውን፣ ዓይኑን ሳያነሳ ያያል።

«ይቺስ፣ እትዬ ሐና? ላጥፋት?»

ሐና ወደ ፎቶው ጠጋ አለች። ራሷን ነው ያየችው፤ እጇን በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ኋላ የዘረጋችውን፣ ከኋላዋ የቆመውን ባለ አረንጓዴ ሸሚዝ።

«ተዋት» አለች። «እሷ እውነት ናት።»